ሁለት ራይት፣ አራት ቀን

ማህሌት የምትባል ሴት አለች እንበል። ዕድሜዋ 32 ነው፤ መሿለኪያ አካባቢ ያለ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ትሠራለች፤ ከእናቷ ጋር ጎፋ ትኖራለች። ሴትዮዋን የፈጠርኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በስሟ የምትጠራ አንባቢ ብትኖር ቅር አይበላት። በእሷ ላይ የሚሆነው ነገር ግን በየቤቱ ያለ ነው፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም ቁጭ ብለው ያጠኑት ጉዳይ ነው። ታሪኳን እየተረኩ፣ መሐል መሐል ላይ እነሱ ያገኙትን እያነሳሁ እሄዳለሁ።

እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሳር ቤት አንድ ካፌ ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር ተቀጣጠረች። ያገናኘቻቸው የሥራ ባልደረባዋ ሚስት ናት። "ጨዋ ልጅ ነው፣ ሥራ አለው፣ አይጠጣም" ከሚለው ምስክርነት በቀር ስለ ሰውየው የምታውቀው አልነበረም። እሱ ማኪያቶና ቦንቦሊኖ አዘዘ፤ እሷ ርቧት ሳለ ማኪያቶ ብቻ አለች። ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ሒሳቡን እሱ ከፈለ፤ እሷም እንደ ወጉ ቦርሳዋን ከፍታ "ኧረ እኔ" አለች፤ እሱም እንደ ወጉ "አይደረግም" አላት። ታክሲ ድረስ ሸኛት። "እንደዋወላለን" ተባብለው ተለያዩ።

ማታ 3 ሰዓት ላይ ቴሌግራም ከፍታ መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ የጻፈችው "ዛሬ በጣም ደስ የሚል ጊዜ ነበር፤ እንደገና ብንገናኝ ደስ ይለኛል" የሚል ነበር። "በጣም" የሚለውን አጠፋች፤ ችኩል አስመሰላት። ቀጥሎ "እንደገና ብንገናኝ" የሚለውን አወጣች፤ ይህን እሱ ቢል ይሻላል። የቀረው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ደረቀባት። የፈገግታ ምልክት ጨመረች፣ አነሳች፣ መልሳ ጨመረች። በመጨረሻ የተላከው "በሰላም ገባህ? ለዛሬው አመሰግናለሁ" የሚል ሆነ፤ ማንም ለማንም ሊልከው የሚችል መልእክት ነው። ልብ ብሎ ላየው ሰው፣ ከዚህ መልእክት ውስጥ የእሷ የሆነው ሁሉ ተለቅሞ ወጥቷል።

ከመልእክቱ ሥር አንድ ራይት ታየ። ማህሌት ዱባይ ካለች እህቷ ጋር የምታወራው በዋትስአፕ ነው። በዋትስአፕ አንድ ራይት ማለት መልእክቱ ገና ሰውየው ስልክ ላይ አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲደርስ ሁለት ይሆናል፤ ሲነበብ ሰማያዊ ይለብሳል። ስለዚህ "ስልኩን ዘግቶ ተኝቷል" ብላ ተጽናንታ ተኛች። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ከፍታ ስታይ አንዱ ራይት እንዳለ ነው፤ ከስሙ በታች ግን "ኦንላይን" ይላል። ሆዷ ባር ባር አለ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር እዚህ ላይ አለ። የቴሌግራም ራይት የዋትስአፕን ሕግ አይከተልም። ቴሌግራም ላይ አንዱ ራይት የሚናገረው መልእክቱ ድርጅቱ ሰርቨር ላይ መግባቱን ብቻ ነው፤ የተቀባዩ ስልክ ይከፈት ይዘጋ አይነግርሽም። ሁለተኛው የሚመጣው ሰውየው ያንቺን ቻት ከፍቶ ሲገባ ነው። መልእክቱን ከላይ ብቅ ከሚለው ማሳወቂያ ላይ አንብቦ ቢያልፈው ራይቱ አንድ እንደሆነ ይቀራል። እንግዲህ ሰውየው እሁድ ማታውኑ አንብቦት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ኦንላይን የሆነው ለሌላ ሥራ ነው። ምልክቱ ሁለቱን አይለይም። ማህሌት ግን ከዚያች አንዲት ምልክት ተነስታ፣ እያወቀ ሊከፍተው ያልፈለገ ሰው ፈጠረች።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሁለተኛው ራይት መጣ። አነበበው። ከዚያ ዝም።

ጓደኛዋ ስትሰማ "አንቺ ደግሞ! ማን ቀድመሽ ጻፊ አለሽ? ወንድ ልጅ ሲፈልግሽ መሬት ቆፍሮ ያገኝሻል" አለቻት። ይህ ምክር በየቢሮው እንደ ሕግ ይነገራል፤ እኔ ብዙም አላምነውም። ፈልጎ የማይደውል ወንድ ሞልቷል፤ ሳይፈልግ የሚደውልም አለ። ያም ሆነ ይህ ምክሩ ማህሌትን ሌላ ሥራ ውስጥ ከተታት። ማክሰኞ ጠዋት፣ ኦንላይን ስትገባ እሱ እንዳያያት "ላስት ሲን" የሚለውን ከማስተካከያው ገብታ ዘጋችው። ቴሌግራም ግን፣ ወርኃዊ ክፍያ ካልከፈልሽ በቀር፣ ራስሽን ስትደብቂ የሌላውንም ይደብቅብሻል። ከስሙ ሥር የነበረው ሰዓት ጠፍቶ "በቅርቡ ታይቷል" የሚል ቃል ተተካበት። ይህ ቃል ከአሁኗ ደቂቃ እስከ ሦስት ቀን ድረስ ያለውን ጊዜ ሁሉ ይሸፍናል። ሰላይዋ የራሷን ዓይን አጠፋች ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ከፈተችው፤ ማታ መልሳ ዘጋችው።

በዚያ ቀን አንድ የዕቃ ዲክላራሲዮን ላይ ዜሮ ጨምራ አለቃዋ ፊት ቆመች። ምሳ አልበላ አላት። "አልፈልግሽም" የሚል መልስ ቢመጣ ይሻለኝ ነበር ብላ አሰበች፤ ቀጥላ ደግሞ እንዲህ ማሰቧ ራሱ አሳፈራት።

ማፈር አልነበረባትም። እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ ጥናት እሷ የተሰማትን በሙከራ አይቶታል። 45 ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ጨዋታ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ድንጋይ ይታያቸዋል፤ ከሥሩ እባብ ይኑር አይኑር ይገምታሉ። እባብ ካለ፣ ቢገምቱም ባይገምቱም፣ እጃቸውን የሚያሳምም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይነካቸዋል። ዕድሉ በየጊዜው ይቀያየራል። ተመራማሪዎቹ የሰዎቹን ላብና የዓይናቸውን ብሌን መስፋት ለኩ፤ ምን ያህል እንደተጨነቁም ጠየቋቸው። ጭንቀቱ ጣራ የነካው ንዝረቱ በእርግጠኝነት በሚመጣበት ጊዜ አልነበረም። ዕድሉ ግማሽ በግማሽ በሆነበት ጊዜ ነበር። እንደሚመታ ያወቀ ሰው፣ ይመታ አይመታ ከማያውቀው ሰው ይልቅ ተረጋግቶ ተቀምጧል።

ማህሌት ከሁለት ራይት ሥር የቆመችው ልክ እዚያ ግማሽ በግማሽ ላይ ነው። ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ ጥበቃው ቀነ ገደብ የሌለው መሆኑ ነው። የእናቷ ትዳር በሽማግሌ የሆነ ነው፤ ደብረ ብርሃን አካባቢ። ሽማግሌዎቹ መጥተው፣ ቆመው "ልጃችሁን ለልጃችን" ብለው ሲናገሩ፣ የልጅቱ አባት የዚያን ዕለት እሺም እምቢም አላሉም። "ዘመድ እናማክር፤ ለጊዮርጊስ ዕለት ኑ" ብለው ሸኟቸው። ስለዚያ ዘመን ብዙ የሚወቀስ ነገር አለ፤ ልጅቱን ማን ጠየቃት የሚለው ዋናው ነው። ጥበቃው ግን ቀን ነበረው። እስከ ሃያ ሦስት ድረስ መልስ እንደማይመጣ ሁሉም ያውቃል፤ እስከዚያ እርሻውም ገበያውም አይታጎልም። የሚጠብቁትም ብዙ ስለነበሩ ሸክሙ ተከፋፍሏል። ማህሌት ብቻዋን ናት፤ የእሷ ሃያ ሦስት ደግሞ የአሁኗ ደቂቃም ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። ስልኩን በየአምስት ደቂቃው የምታነሳው ቁጥብነት ጎድሏት አይደለም፤ መልሱ በማንኛዋም ደቂቃ ሊመጣ የሚችል ከሆነ፣ ከማየት የምታርፍበት ደቂቃ የለማ።

ማክሰኞ ሌሊት አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ሰውየው ያምርባት ጀመር። እሁድ ዕለት "ደህና ነው" ብላ የተመለሰችበት ሰው፣ ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ድምፁ፣ የሸሚዙ እጅጌ አጠቃለል፣ ታክሲው ሲሄድ ዞር ብሎ ያያት አስተያየት ሁሉ ልዩ ሆነ። "ወድጄዋለሁ ማለት ነው" አለች በልቧ።

ይህም የተጠና ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት ላይ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ 47 ሴት ተማሪዎች ተሳትፈው ነበር። ወንድ ተማሪዎች የፌስቡክ ገጻችሁን አይተው ምን ያህል ሊወዷችሁ እንደሚችሉ ተናግረዋል ተባሉ፤ ወንዶቹ በእርግጥ የሉም፤ ገጾቻቸው ለጥናቱ የተዘጋጁ ናቸው። ለከፊሎቹ ሴቶች "እነዚህ ከሁሉ አብልጠው የወደዱሽ ናቸው" ተባለ፤ ለከፊሎቹ "እነዚህ መካከለኛ ነጥብ የሰጡሽ ናቸው" ተባለ፤ ለሌሎቹ ደግሞ "ከሁለቱ አንዱ ናቸው፣ የትኛው እንደሆነ ግን አልታወቀም" ተባለ። ሴቶቹ ይበልጥ የተሳቡት ወደ እነዚህ ወደማይታወቁት ወንዶች ሆነ፤ ይወዱናል ከተባሉት እንኳ አብልጠው። ስለ እነሱም ደጋግመው እንዳሰቡ ተናገሩ፤ ተመራማሪዎቹ ለመሳቡ አንዱ ምክንያት ይህ ማሰብ እንደሆነ ጽፈዋል።

ጥናቱ ትንሽ ነው፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሴቶች ብቻ፣ በአካል ያልተያዩ ሰዎች። ከእሱ ተነስቶ "ዝም በላቸው፣ ይወዱሃል" የሚል ጎረምሳ ቢመጣ አልሰማውም። ለማህሌት የሚጠቅማት ግን ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ከእሁድ እስከ ማክሰኞ ምንም አልጨመረም፤ አንድ ቃል አልተናገረም። ያደገው እሷ ስለ እሱ የምታስበው ጊዜ ብቻ ነው። እንቆቅልሽ ጭንቅላት ውስጥ ሲመላለስ ይሞቃል፤ ሙቀቱን ፍቅር ብሎ መጥራት ደግሞ ቀላል ነው።

ረቡዕ ላይ ሙቀቱ ወደ ራሷ ዞረ። በቀጠሮው ላይ የሠራችውን ጥፋት መቁጠር ያዘች። ስለ ሥራዋ ብዙ አወራሁ። ሳቄ ጮኸ። "ዓሣ እወዳለሁ" ያልኩት ውሸት ነው፤ እሱ ስለወደደ ነው ያልኩት። ማኪያቶው ሲመጣ ስኳሩን ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩ። የማውቀው ሰው ሁሉ ይህን ዓይነት መዝገብ ይዞ ያውቃል፤ ይህ መዝገብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተጋነነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት የማይተዋወቁ ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርጎ አጫወተና፣ ሲጨርሱ እያንዳንዱን ለብቻው "ሰውየውን ምን ያህል ወደድከው? እሱስ አንተን ምን ያህል የወደደህ ይመስልሃል?" ብሎ ጠየቀ። ሰዎች በአብዛኛው በእርግጥ ከተወደዱት ያነሰ የተወደዱ መስሏቸዋል። ዓይን አፋር የሆኑት ዘንድ ልዩነቱ ሰፋ። በአንድ ማደሪያ ክፍል የሚኖሩ ተማሪዎች ላይም ለወራት ሳይጠፋ ቆየ።

ተመራማሪዎቹ የሚሰጡት ምክንያት፣ ከጨዋታው በኋላ የራሳችንን ስህተት የሚቆጥረውን ድምፅ የምንሰማው እኛ ብቻ መሆናችን ነው። ሌላው ሰው ያን ድምፅ አይሰማም፤ እሱም የራሱን እየሰማ ነው። ምናልባት ሰውየው ረቡዕ ማታ ስለ ቦንቦሊኖው ፍርፋሪ እየተጨነቀ ይሆናል። ስለ ማህሌት ስኳር ግን ትዝ አይለውም።

እዚህ ድረስ ጥናቶቹ ማህሌትን ያጽናኗታል። ረቡዕ ማታ የሆነው ግን ማጽናኛ አልነበረም።

እናቷ ስልኩን ስታነሳና ስትጥል አይተው ሦስት ቀን ዝም ብለዋል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ "ምነው ልጄ፣ ቢሮ ችግር አለ?" አሏት።

"የለም እማዬ።"

"እንግዲያው ሰው ነው።"

ነገረቻቸው፤ ሙሉውን ሳይሆን የሚነገረውን ያህል። እናትየው መልስ ስላለመምጣቱ አንድም አልጠየቁም። "ሰውየውስ እንዴት ያለ ነው?" አሉ።

"ደህና ነው። ጨዋ ነው።"

"ምን አጫወተሽ?"

"ስለ ሥራዬ አወራን፤ ሒሳብ ለምን እንደተማርኩ ነገርኩት፤ ዱባይ እህት እንዳለችኝ…"

"አንቺ ያልሽውን አልጠየቅሁሽም።"

ማህሌት አፏን ከፈተች፤ የምትለው አጣች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። የራሷን እጅ የት እንዳስቀመጠች፣ ሳቋ ስንቴ እንደወጣ፣ መቼ እንደዋሸች በቅደም ተከተል ታስታውሳለች። እሱ የተናገረው ግን የተቆራረጠ ነበር፤ ቀያሽ መሆኑ፣ አንድ ጊዜ አዳማ መሥራቱ፣ እዚያ የሆነ ነገር መሆኑ። እናትየው ጀበናውን እያዘነበሉ ጠበቁ።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። ቦንቦሊኖው ሲመጣ ሰውየው ሳህኑን ወደ መሐል ገፋ አድርጎ "ወንድሜ ይሄን በጣም ይወድ ነበር" አላት። ይወድ ነበር። ከዚያ ትንሽ ዝም አለ። እሷ በዚያች ቅጽበት የምታስበው ርቧት ሳለ ከሳህኑ ብትቆርስ ምን ትመስል ይሆን የሚለውን ነበር። "እኔ ጣፋጭ ብዙም" አለችና ወሬውን ወደ ሥራ መለሰችው።

አሁን ስለ ራሷ የተማረችው ይህን ነው፤ እኔ እንዲያውም የታሪኩ መሐል ይህ ነው እላለሁ። አራት ቀን ሙሉ የጠበቀችው ይህን ሰው አልነበረም፤ ስለ ራሷ የሚሰጥ ፍርድ ነበር። "ወደደኝ ወይ?" የሚለውን መቶ ጊዜ ስትጠይቅ "እኔስ ወደድኩት ወይ?" የሚለውን አንዴም አልጠየቀችም፤ ብትጠይቅም መልስ የምታገኝበት ነገር አልያዘችም። ካፌው ውስጥ እንደ ተፈታኝ ገብታ እንደ ተፈታኝ ወጥታለች። ፈተና ላይ ያለ ሰው ደግሞ የፈታኙን ፊት አያነብም፤ የራሱን ወረቀት ነው የሚያየው።

ራስ ወዳድነት ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አይመስለኝም። በ32 ዓመቷ፣ በየሰርጉና በየልቅሶ ቤቱ "አንቺስ መቼ ነው?" እየተባለች የከረመች ሴት ከአዲስ ሰው ፊት ስትቀመጥ የራሷን ፊት ብትጠብቅ አይገርምም። በሁሉም ቦታ ተመልካች አለባት፤ ሰውየውንም ከተመልካቾቹ አንዱ አድርጋ ቆጠረችው። ይህን ያህል ብቻ ነው ጥፋቱ። ግን በዚህ ጥፋት የተነሳ አንድ ሰው የሞተ ወንድሙን ስም ሊጠራ ሲቃረብ፣ የሚሰማው አጥቶ ወሬ ቀይሯል፤ ከሞተ ማለቴ ነው፤ ማህሌትም አታውቅም፤ አልጠየቀችማ።

ሐሙስ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ መልስ መጣ። "ሰላም ማህሌት፣ ይቅርታ ዘገየሁ። መስክ ወጥቼ ነበር፤ አንብቤው ቆይ ማታ እመልሳለሁ ብዬ ሳልመልስ ቀረሁ። ቅዳሜ ጊዜ ካለሽ እንገናኝ?" ሰበቡ እውነት ይሁን አይሁን ልንመረምረው አንችልም። የሚገርመው የማህሌት ስሜት ነው። ደስታው ሩብ ሰዓት አልቆየም። ማክሰኞ ሌሊት ያቃጠላት ሰው ሐሙስ ቀትር ላይ ተመልሶ "ደህና ነው" ሆነ። ብዙ ሴቶችና ወንዶች እዚህ ላይ ተደናግጠው "ለካ አልወድም ነበር" ብለው ይተዉታል፤ ወይም ቀዝቃዛ ሰው ነኝ ብለው ራሳቸውን ይከስሳሉ። ሁለቱም ይቸኩላሉ። የጠፋው የጥያቄው ሙቀት ነው፤ እንቆቅልሹ ተፈታ። ከሥሩ ሌላ ነገር ይኑር አይኑር የሚታወቀው ሰውየውን በማየት ነው፤ እስካሁን ደግሞ አላየችውም።

ጓደኛዋ "ዛሬውኑ እንዳትመልሺ፤ እሱም አራት ቀን ይጠብቅ" አለቻት። ማህሌት ግማሽ በግማሽ ላይ መቆም ምን እንደሚመስል ገና ከጀርባዋ አልወረደም፤ ያንን ለሰው መስጠት አልፈለገችም። ቅዳሜ የእናቷ ዕድር አለ፤ ወንበርና ሰሃን የምታመላልሰው እሷ ናት። ከሳምንት በፊት ቢሆን ሰበብ ፈጥራ ትቀር ነበር። አሁን እንዲህ ጻፈች፤ ከላከች በኋላ ነው አንዲት ቃል እንኳ እንዳላጠፋች ያስተዋለችው።

"ቅዳሜ አይመቸኝም፤ እናቴን የማግዘው ነገር አለ። እሁድ 9 ሰዓት እዚያው ይመችሃል? ስለ ወንድምህ ያነሳኸውን ሳልጠይቅህ ወሬ ቀየርኩብህ። ካልከበደህ ስለ እሱ ብታጫውተኝ ደስ ይለኛል። ዓሣ ደግሞ አልወድም፤ እወዳለሁ ያልኩህ ዝም ብዬ ነው።"